ሁሉንም ሜክሲኮ ያወረደው ሹፌር

የስልክ ጌሜን መሥራት ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ተጫዋቹ የሚነዳው ሚኒባስ ነው፤ ከአራት ኪሎ ተነስቶ ተሳፋሪ እየለቀመ ይሄዳል። መንገዱን እንዴት እንደሠራሁት አላሰለቻችሁም። ያበሳጨኝን ልንገራችሁ።

ከተሳፋሪው ራስ በላይ ክብ ምልክት አለ። ቀይ ከሆነ ሜክሲኮ፣ አረንጓዴ ከሆነ መገናኛ ይወርዳል። የአክስቴን ልጅ አስሞከርኩት። የመገናኛውንም የሜክሲኮውንም አንድ ላይ ሜክሲኮ አራገፈልኝ። «ሁለቱም ያው ቡናማ አይደሉ እንዴ?» አለ።

እኔም ብልጥ መስሎኝ የቀለም ፊልተር ከኢንተርኔት አውርጄ አማራጭ አድርጌ ጨመርኩለት። ሲያበራው ጭራሽ ባሰበት። ለካ ያ ፊልተር ቀለም የማይለይ ሰው የሚያየውን ለእኔ ለሠሪው የሚያሳይ ነው። ለተጫዋቹ ችግሩን ደግሞ መጫን ማለት ነው። አፈርኩ።

ከዚያ በሁለቱ ምልክቶች ውስጥ ያለውን የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን በቁጥር አየሁት። ቀዩ 220, 40, 40፤ አረንጓዴው 40, 140, 40። ለእኔ ዓይን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ብርሃናቸውን ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ ሳሰላ ግን 0.17 እና 0.19 ወጣ፤ ንፅፅሩ 1.1 ለ 1 ብቻ። ስክሪንሾቱን ወደ ጥቁርና ነጭ ብትቀይሩት ሁለቱም አንድ ግራጫ ይሆናሉ። አሁን ማንኛውንም ምልክት ከመሥራቴ በፊት የማደርገው ፍተሻ ይሄ ነው። ብቻውን ግን አይበቃም፤ አንዳንዱ ሰው ቀይን ከእኛ አጨልሞ ስለሚያይ ስሌቱ ለእሱ አይሠራም።

ስለዚህ ፊደል ልጻፍበት አልኩ። ሜ እና መ! በትንሽ ስልክ ላይ እስቲ ለዩአቸው። እኔ ራሴ ሁለቴ ተሳሳትኩ። በመጨረሻ ሜክሲኮን ሦስት ማዕዘን፣ መገናኛን አራት ማዕዘን አደረግኩ፤ ቀለሙን ደግሞ ጥቁር ሰማያዊና ፈዛዛ ቢጫ። ከአማራጮች ውስጥ አልደበቅኩትም፣ ለሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚከፈተው። በቅርጽ ሊፈታ ለሚችል ነገር «የቀለም ሞድ» የሚሠራ ሰው ስንፍናውን ነው የሚሸፍነው ባይ ነኝ።

መስማት ለተሳናቸው የጻፍኩት ጽሑፍ ቶሎ ነው የተስተካከለው። መጀመሪያ «ፊሽካ» ብቻ ይል ነበር። አንድ መስማት የተሳነው ጎረቤቴ ጌሙ ውስጥ ፖሊሱ የት እንዳለ ሳያውቅ ተቀጣ። አሁን «ፊሽካ፣ ከኋላ በግራ» ይላል።

በአንድ እጅ የሚጫወቱትን ነገር ግን አልጨረስኩም። ነዳጁ ተጭኖ የሚያዝ ነበር፤ አንዴ ሲነካ እንዲሄድ፣ ደግሞ ሲነካ እንዲቆም አደረግኩት። ቁልፎቹንም ወደ ፈለጉት ጎን ማዞር ይቻላል። ቀኝ እጄን ኪሴ ከትቼ ሞከርኩት፣ እስከ ሜክሲኮ ደረስኩ። ጥሩንባው ብቻ መሪው እየዞረ ተጭኖ መያዝ ይፈልጋል። እሱን በመንካት ብሠራው ረጅሙና አጭሩ ጥሩንባ እንዴት ይለያል? ገና እየታገልኩት ነው።