አዲስ መስመር ከመጠየቄ በፊት የለካሁት

ደብረ ማርቆስ ባለ አንድ የገበሬ ማኅበራት ቢሮ ውስጥ በበጎ ፈቃድ የኮምፒውተር ሥራ እሠራለሁ። ሠራተኛው ሁሉ «ኔት ይጎተታል» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «ለ4 ሜጋቢት እየከፈልን ሌላ ለምን?» ይላሉ። የማኅበር ገንዘብ ነውና መጠየቃቸው ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ ችግሩ የት እንዳለ መለየት ነበረብኝ። ጥፋቱ የዋይፋዩ ከሆነ አዲስ መስመር ምንም አይለውጥም። ስለዚህ እስከ ራውተራችን ያለውንና ከዚያ ወደ ውጭ ያለውን ለየብቻ ለካሁ።

```
ping -n 50 192.168.1.1
ping -n 50 8.8.8.8
```

ፒንግ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ይለካል። ጠዋት ሰው ሳይገባ ወደ ውጭ የሚሄደው በ40 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይመለሳል። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ 1200 ደረሰ። እስከ ራውተር ያለው ግን፣ ከዳር ካለው ክፍል በዋይፋይ ብለካውም፣ ከ5 አላለፈም። ጠዋት በኬብል ስለካ የማውረጃው ፍጥነት 3.8 ሜጋቢት ነበር። አቅራቢው የሸጠልንን እየሰጠን ነው ማለት ነው፤ እሱን መክሰስ አያዋጣም።

የታፈነው መላኪያው ነበር። የእኛ መስመር የስልክ ሽቦ ላይ የሚሠራ ኤዲኤስኤል ነው፤ መላኪያው ከማውረጃው በጣም ያንሳል። እኛ ጋ 0.5 ሜጋቢት ነው። አንድ ሰው ከባድ ፋይል ሲልክ መላኪያው ይሞላል፤ ገጽ እንዲከፈት የምንልከው ትንሽ ጥያቄ እንኳ ከኋላው ይሰለፋል። ማውረጃው ባዶ ሆኖ ሳለ ሁሉም «ቆመ» የሚለው ለዚህ ነው።

ወጪ ከመጠየቄ በፊት ያለ ገንዘብ የሚሆነውን ሞከርኩ። የዊንዶውስ አፕዴት ወደ ማታ ዞረ። የስካን ጥራት ሲቀነስ የአንዱ ሪፖርት ክብደት ከ45 ወደ 15 ሜጋባይት ወረደ። ጠቅሟል፣ ግን አልበቃም። በወር መጨረሻ አምስት ሠራተኞች አብረው ይልካሉ፤ 75 ሜጋባይት ሲሆን 600 ሜጋቢት ነው። ለ0.5 ሲካፈል 20 ደቂቃ ይወጣዋል፤ ሲቋረጥና እንደገና ሲጀመር ደግሞ ከዚያ ያልፋል።

ለሥራ አስኪያጁ ሚሊሰከንድ አልተናገርኩም። አንድ ገጽ ላይ የጠዋቱን፣ የረፋዱንና ከማስተካከያው በኋላ ያለውን በሠንጠረዥ አስቀመጥኩ። ከሥሩ «አምስቱ ሪፖርት፦ አሁን 20 ደቂቃ፣ መላኪያው 10 ሜጋቢት ቢሆን 1 ደቂቃ ገደማ» ብዬ ጻፍኩ።

አንብበው «ከገዛን በኋላ ኔት ጠፋ የሚል አይኖርም?» አሉኝ።

«ይኖራል ጋሼ። መብራት ሲሄድ ወይም ኬብል ሲቆረጥ ይጠፋል፤ ይሄ የሚፈታው የመላክ መጨናነቁን ብቻ ነው» አልኳቸው። ይመስለኛል ከሠንጠረዡ ይልቅ ያመኑት ይህን ነው።

የፋይበር መስመር ሲፈቅዱ አንድ ነገር አጥብቄ ለመንኳቸው፤ ውሉ ላይ የመላኪያው ፍጥነት ለብቻው ይጻፍ። ሻጮች በትልቁ የሚናገሩት የማውረጃውን ነው። ከተገጠመ በኋላ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ትእዛዝ ደግሜ ለካሁ። አምስቱም እየላኩ ፒንጉ ከ60 አላለፈም። ቁጥሩን በአሮጌው ሠንጠረዥ ላይ አዲስ ረድፍ አድርጌ ለጋሼ መለስኩላቸው።