ሁሉም እያየ ማንም ሳይነካው

«ልጄ፣ ሰዉ ጨከነ እኮ! የድሮው ወሎዬ የት ገባ?» አሉኝ ጎረቤቴ ማታ ቡና ላይ። ጠዋት ደሴ መናኸሪያ አጠገብ የሆነውን ነግሬያቸው ነው። አንድ ወጣት የሚጥል በሽታው ተነስቶበት ወደቀ። ሰዉ ከበበው፤ የነካው ግን አልነበረም።

እኔ ጭካኔ ነው ብዬ አላምንም። የሰዎቹን ፊት አይቻለሁ። አንዷ ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፍና ታለቅሳለች። አንዱ ሻንጣውን ደረቱ ላይ አቅፎ ግራ ቀኙን ያያል። ያልገደደው ሰው እንዲህ አይሆንም።

ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ሙከራ ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ተማሪዎችን ለየብቻ ክፍል አስቀምጠው በማይክሮፎን እንዲወያዩ አደረጉ። በመሀል አንዱ ድምፅ ተንተባተበ፤ የሚጥል በሽታ እንደያዘው ተናግሮ እርዳታ ለመነ። ድምፁ ግን አስቀድሞ የተቀዳ ነበር። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካሰቡት ውስጥ 85 በመቶዎቹ ጩኸቱ ሳያበቃ ለእርዳታ ወጡ። ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው ብለው ካሰቡት ግን 31 በመቶዎቹ ብቻ። ልብ በሉ፣ እርስ በርስ አይተያዩም። ሌላ ሰው መስማቱን ማወቃቸው ብቻ «የኔ ግዴታ ነው» የሚለውን ስሜት ከፋፈለው። ካልወጡት ብዙዎቹ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ መዳፋቸው ያልበው ነበር። «ደህና ነው? እየረዱት ነው?» ብለው የጠየቁም አሉ።

መናኸሪያው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ እዚያ ሰው ይተያያል። እያንዳንዱ የሌላውን ፊት አይቶ፣ ማንም ካልተንቀሳቀሰ ነገሩ ያን ያህል አይሆንም ይላል። ሌላውም ይህንኑ ከሱ ፊት ያነባል።

ይህን የሰበረችው ቡና የምታፈላ ልጅ ናት። «ኧረ እርዱት!» ብላ ለሁሉም አልጮኸችም። በጣቷ እየጠቆመች «አንቺ፣ ነጠላሽን አጣጥፈሽ ከራሱ ሥር አድርጊለት! አንተ ባለ ባጃጁ፣ አስነስተህ ጠብቅ! አንተ ሰዓት ያዝ፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ነው!» አለች። ያለቀሰችው ሴት ወዲያው ተንበረከከች። አንዱ ክብሪት ጭሮ ሊያሸተው ሲጠጋ መለሰችው። መንፈራገጡ ሲበርድ በጎኑ አስተኙት። ያው ሕዝብ ነው፤ አሁን ግን ሥራው የማን እንደሆነ ታወቀ።

በዚያ ሙከራ በጣም የደነቀኝ መጨረሻው ነው። ተማሪዎቹ የሌሎች መኖር አዘግይቷችሁ ነበር ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ በፍጹም አሉ። ቁጥሩ ግን ሌላ ይላል። ጎረቤቴም ይህን ስነግራቸው «እኔ ብሆን ግን ዝም አልልም ነበር» አሉኝ።