የማርያም መቀነት፦ ቀዩ ለምን ሁሌ ከላይ ይሆናል?

ቀስተ ደመና የሚታይበትን ማዕዘን በወረቀትና በካልኩሌተር ራሴ ማውጣት ቻልኩ፤ ደስታዬን ላካፍላችሁ። ካልኩለስ የለበትም። ሳይን ብቻ ይበቃል።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። የፀሐይ ብርሃን ጠብታው ውስጥ ሲገባ ይሰበራል፣ ከጀርባው ግድግዳ ላይ ይንጸባረቃል፣ ሲወጣ ደግሞ እንደገና ይሰበራል። ይህን ሁላችንም ተምረናል። ያልተነገረኝ ግን ጠብታው ክብ ከሆነና ብርሃኑ በየቦታው ከመታው፣ በየአቅጣጫው መውጣት ሲገባው ለምን 42 ዲግሪ ላይ ብቻ ደምቆ እንደሚታይ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ።

መልሱን ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት በ1637 አሳትሞታል። የሠራውም በጣም አድካሚ ነገር ነው፤ ጨረሮችን አንድ በአንድ አሰላቸው። እኔም እንደሱ አደረግኩ። ጨረሩ ጠብታውን የሚመታበት ማዕዘን i፣ ውስጥ ከገባ በኋላ ያለው ማዕዘን r ይሁን። 1.333 ውሃ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚሰብር የሚነግረን ቁጥር ነው። ከጭንቅላታችሁ ጥላ አቅጣጫ ስንት ዲግሪ ርቆ እንደሚታይ የሚነግራችሁ ይህ ነው፦

```
sin r = sin i / 1.333
ማዕዘን = 4r − 2i
```

i 30 ሲሆን 28 ዲግሪ ይመጣል። 45 ሲሆን 38፣ 55 ሲሆን 41.7፣ 60 ሲሆን 42። ከዚያ መመለስ ይጀምራል! 65 ላይ 41.3፣ 75 ላይ ወደ 36። ዥዋዥዌ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ እዚያ ዘግየት እንደሚለው፣ ማዕዘኑም 42 አካባቢ ብዙም ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፤ ስለዚህ ከ55 እስከ 65 የገቡት ጨረሮች ሁሉ አንድ ላይ ተጠጋግተው ይወጣሉ። ድምቀቱ የመጣው ከዚህ ነው። ከ42 በላይ አንድም ጨረር አይደርስም፣ ከታች ግን ብዙ አለ። ለዚህ ነው ከቀስቱ ውስጥ ያለው ሰማይ ከውጪው ፈካ የሚለው። (ካልኩሌተራችሁ DEG ላይ መሆኑን እዩ፣ RAD ላይ ከሆነ የማይረባ ቁጥር ይሰጣችኋል።)

አሁን ወደ ቀለሙ። 1.333 ለሁሉም ቀለም እኩል አይደለም። ለቀይ 1.331 ገደማ፣ ለወይን ጠጅ 1.343 ገደማ ነው። i 60 አድርጋችሁ ብታሰሉት ቀዩ 42.4 ላይ፣ ወይን ጠጁ 40.6 ላይ ያርፋል። ቀስቱ ሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ ስፋት ያለው ለዚህ ነው። የውሃው ጠባይ ስለማይቀየር፣ ሐምሌም ይዝነብ መስከረም፣ ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የአንድ ጠብታ ሥዕል ብታዩ፣ ከጠብታው ሲወጡ ወይን ጠጁ ከላይ ነው፣ ቀዩ ከታች። ሰማይ ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ! ብዙ ማስተማሪያ ይህን ሥዕል አሳይቶ ዝም ይላል፤ እኔ ይህን ጥፋት ነው የምለው። ነገሩ፣ ከአንድ ጠብታ ሁሉንም ቀለም አናይም። ቀዩ ይበልጥ ወደ ታች አዘንብሎ ስለሚወጣ፣ ዓይናችሁ ላይ የሚደርሰው ከፍ ካለ ጠብታ ነው። የዚያው ጠብታ ወይን ጠጅ ከጭንቅላታችሁ በላይ ያልፋል። ዝቅ ያለው ጠብታ ደግሞ ወይን ጠጁን ይልክላችሁና ቀዩ ከእግራችሁ ፊት መሬት ላይ ይቀራል። ጠብታዎቹን ሁለት አድርጋችሁ ሣሉት፣ ወዲያው ይገባችኋል። አጠገባችሁ የቆመው ሰው የሚያየውም ከሌሎች ጠብታዎች የመጣ ነው፤ በቋንቋችን "ያንን ቀስተ ደመና አየህ?" የምንባባለው እንግዲህ በይሉኝታ ነው።

ለማየት ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ። የጭንቅላታችሁን ጥላ ፈልጉ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ያለው ስንዝር 20 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ከጥላው ሁለት ስንዝር ትንሽ አለፍ ብላችሁ ቀስቱን ታገኙታላችሁ። ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በላይ ከሆነች ግን ሜዳ ላይ ቆማችሁ አትድከሙ፣ ቀስቱ ከአድማስ በታች ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ወደ አሥር ሰዓት ድረስ መጠበቅ አለባችሁ፤ በምሥራቅ በኩል ነው የሚወጣው። መጠበቅ ካልፈለጋችሁ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ጫፉን በጣት ተጭናችሁ ብናኝ አድርጉት። እኔ ከየትኛውም ቪዲዮ እሱን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ፀሐይ ከፍ ብላም ብናኙን ከጥላችሁ ዙሪያ፣ ከዓይናችሁ ዝቅ አድርጎ መርጨት ይቻላል።

ሁለተኛው፣ ደብዘዝ ያለው ቀስት 51 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውስጥ ሁለት ጊዜ ስለሚንጸባረቅ ቀለሙ ተገልብጦ ቀዩ ከውስጥ ይሆናል። በሁለቱ መሃል ያለው ጠቆር ያለ ሰማይም ስሙ የአሌክሳንደር ጥቁር ቀበቶ ነው። አሁን የያዘኝ ከዋናው ቀስት ውስጠኛ ጠርዝ አንዳንዴ የሚታዩት ቀጫጭን አረንጓዴና ሮዝ መስመሮች ናቸው። እነሱን የዴካርት ጨረር አይገልጻቸውም፣ ብርሃንን እንደ ሞገድ ማሰብ ይጠይቃሉ። ፖላራይዝድ መነጽር ያላችሁ ደግሞ የቀስቱን አናት እያያችሁ መነጽሩን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቀስቱ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም።