ደሞዝ ጭማሪ ጠይቄ ያልኩትን ሰጡኝ፣ ግን አልበቃኝም (ስህተቱ የኔ ነበር)

ይሄን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ አመት ሙሉ ዕዳ ውስጥ አልገባም ነበር ብዬ ስለማስብ ነው። ቁጥሩ እንዲቀል ያኔ የነበረኝን ያልተጣራ ደሞዝ 100 እንበለው፣ ሌላውን ሁሉ ከሱ አንፃር ነው የምጽፈው።

ወጪዬን መጻፍ ከባድ አልነበረም። የ12 ወር የባንክ ስቴትመንት አውጥቼ ደመርኩና ለ12 አካፈልኩት፣ 83 መጣ። የአንድ ወር ብቻ አይታችሁ እንዳትወስኑ፣ በአመት አንዴ የሚመጡት ክፍያዎች አይታዩም። እጄ ላይ የሚደርሰው 74 ነው፣ ስለዚህ በየወሩ 9 ይጎድለኛል ማለት ነው።

ጥፋቱ የተሰራው እዚህ ጋ ነው። 9 ስለሚጎድለኝ 9 ጭማሪ ልጠይቅ አልኩ። ገበያውንም አጣርቼ ነበር፣ የስራ ማስታወቂያ አየሁ፣ እንደኔው አይነት ስራ የሚሰሩ አራት ሰዎች ጠየቅኩ፣ ሁለቱ የሚነግሩኝ የተጣራውን ሁለቱ ደግሞ ያልተጣራውን ነው፣ እኔ ግን ሁሉንም አንድ ላይ አድርጌ አማካይ ሰራሁና 109 አካባቢ ወጣልኝ፣ ከኔ 9 ጋ ገጠመ፣ በቃ ልክ ነው ብዬ ተረጋጋሁ። መግጠሙ ነው ያሳሳተኝ።

አለቃዬ ጋ ገባሁ፣ ያመጣሁትን ውጤት አስረዳሁ፣ 9 አልኩ። በሳምንቱ ኤችአር ጠርታ «ጥያቄሽ ሙሉ በሙሉ ተቀባይነት አግኝቷል» አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ። ወሩ ሲደርስ የገባልኝን ሳየው 79.4 ነው። ስህተት መስሎኝ ፔይሮል ክፍል ሄድኩ፣ ልጁ ወረቀቱን አዙሮ አሳየኝ፣ ጭማሪው ላይ የሚቆረጠው እንደ ድሮው ደሞዜ በአማካይ ሳይሆን ባለሁበት የመጨረሻ የግብር እርከን ነው፣ የጡረታ መዋጮ ሲጨመርበት ከጭማሪው 40 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ከ9 የደረሰኝ 5.4። 3.6 አሁንም ይጎድላል። ኤችአር ይሄንን በደንብ ታውቃለች፣ «ያልተጣራ ነው አይደል የምትጠይቂው?» ብላ አንድ ጥያቄ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? እስካሁን ይቆጨኛል። ግን ወረቀቱ በየወሩ እጄ ላይ ነበር፣ እኔም አላነበብኩትም።

ስሌቱ እኮ አንድ መስመር ነው፦ የጎደለውን ከጭማሪው እጃችሁ ላይ በሚቀረው ድርሻ አካፍሉት። 9ን ለ0.6 ማለት ነው፣ 15። የናንተን መቶኛ ለማወቅ ፔይሮል ክፍል ሄዳችሁ «ደሞዜ ላይ ይሄን ያህል ቢጨመር ምን ያህል ይደርሰኛል» ብላችሁ ጠይቁ፣ የአምስት ደቂቃ ስራ ነው። በነገራችን ላይ ጭማሪ እርከን ስላሻገራችሁ ደሞዛችሁ በጠቅላላ ይቀንሳል የሚሉትን አትስሙ፣ እርከን በእርከን በሚሰላ ግብር ከፍ ባለው የሚቆረጠው ከእርከኑ በላይ ያለው ብቻ ነው።

ያንን የገበያ ቁጥርም መልሼ ሰራሁት። ሁሉንም ወደ ያልተጣራ ቀየርኩ፣ ቦነስና አበሉን ለብቻ አወጣሁ፣ የስራ መጠሪያውን ትቼ የሚሰሩትን ስራ አነፃፀርኩ። ከ112 እስከ 124 ሆነ፣ አማካዩ 117። 15 ብጠይቅ እንኳን ከአማካዩ በታች ነበርኩ ማለት ነው!

ሁለተኛ ለመጠየቅ አመት ጠበቅኩ፣ በዛ አመት የጎደለውን እህቴ ሸፈነችልኝ፣ 43 ደረሰ፣ በወር እጄ ላይ ከሚደርሰው ከግማሽ በላይ። ኤችአር የስራ ግምገማ እስኪደርስ ጠብቂ ነው የምትለው። እኔ አልስማማም፣ ግምገማው ሲደርስ ብዙ ጊዜ የዓመቱ በጀት ተከፋፍሎ አልቋል፣ አለቃችሁ ቢፈልግም ከየት ያመጣል። እኔ በጀቱ ከመዘጋቱ ሁለት ወር ቀድሜ አለቃዬ ጋ ገባሁ። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ዕዳዬ አንድ ቃል አልተናገርኩም፣ የሚጎድለኝ ስንት መጠየቅ እንዳለብኝ ለኔ የሚነግረኝ እንጂ ለሱ ምክንያት አይሆንም። የገበያውን ቁጥርና የሰራሁትን ይዤ «ያልተጣራ 120» አልኩ፣ ያልተጣራ የሚለውን በጽሁፍም አስገባሁ። 118 ላይ ተስማማን።

እጄ ላይ የሚደርሰው 84.8 ሆነ። ወጪዬን በግድ እዛው 83 ላይ ይዤዋለሁ፣ 1.8 ይተርፋል። ይሄንን ግን የመጀመሪያው ደሞዝ ከመግባቱ በፊት ነው የወሰንኩት፣ ደሞዝ በገባ ቀን ባንኩ ራሱ 1.8ቱን ወደ እህቴ ሂሳብ እንዲልክ አዘዝኩ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ጭማሪ የት እንደገባ ሳላውቅ ነው ወር ያለቀው። 43ቱን ለመጨረስ 24 ወር ይፈጃል። የሰባቱን ወር ከፍያለሁ።