አንድ ስም ሲፈልግ ያደረ ኤጀንት

የአንድ አስመጪ ድርጅት የባንክ ገቢዎችን ከዱቤ ሽያጭ መዝገቡ ጋር የሚያመሳክር ኤጀንት አለ። ሥራውን የጀመረው ሌላ የሶፍትዌር አቅራቢ ነው፤ እኔ የተጠራሁት የሞዴሉ ወጪ ድርጅቱን ካስደነገጠ በኋላ ነው። ያገኘሁትን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ፣ ተመሳሳይ ሥራ ለሚጀምር ሁሉ እዚህ አስቀምጠዋለሁ።

አሠራሩ ራሱ አያስቸግርም። የቋንቋ ሞዴሉ ቀጥሎ የሚያደርገውን ያቅዳል፣ አንድ መሣሪያ ይጠራል፣ የመጣለትን ውጤት ያነባል፣ ከዚያ እንደገና ያቅዳል። መሣሪያዎቹ ሦስት ናቸው፦ አንዱ ደንበኛን በስም ይፈልጋል፣ አንዱ ያልተከፈሉ ሽያጮችን ይዘረዝራል፣ አንዱ ደግሞ «ይህ ገቢ የዚህ ሽያጭ ክፍያ ነው» የሚል ሐሳብ ያቀርባል። የሒሳብ ሹሟ ካላጸደቁት በቀር መዝገቡ ላይ የሚሰፍር ነገር የለም። ሞዴሉን ማገናኘትም ሆነ መሣሪያዎቹን መግለጽ መመሪያውን ተከትሎ የሚያልቅ ሥራ ነው። ጣጣው ያለው ማስቆሙ ላይ ነው።

ወጪውን ያናረው አንድ የባንክ ገቢ ነበር። ገንዘቡን ያስገባችውን ሴት ስም፣ እውነተኛውን ትቼ፣ ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ እንበለው። ኤጀንቱ ስሙን ፈለገ፤ መሣሪያው «ለፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ውጤት አልተገኘም» ብሎ መለሰ። ሞዴሉ የአጻጻፍ ልዩነት ሊሆን ይችላል ብሎ አሰበ፤ በእርግጥም በመዝገቡ ውስጥ እያንዳንዱ ጸሐፊ እንደለመደው ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ጸሐይ አለ፣ ከዚያ ፀሀይ፣ ከዚያ ጸሃይ። «ፀ» በሁለት መንገድ ይጻፋል፤ «ሐ» ደግሞ በስድስት፣ ማለትም ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ስለዚህ ፀሐይ ብቻዋን 12 መልክ አላት። ኃይለ ሥላሴ 24 መልክ አለው፤ ተያይዞም ተነጥሎም ስለሚጻፍ 48 ይሆናል። ሁለቱ ሲባዙ 576 ናቸው። እያንዳንዱ ሙከራ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው፤ አንድም ቦታ ላይ ሞዴሉ ተሳሳተ ለማለት አይቻልም።

አቅራቢው ሁለት መከላከያዎች አድርጎ ነበር። አንደኛው ኤጀንቱ ያንኑ ጥሪ ደግሞ ቢያደርግ ያስቆመዋል። ግን የሚያነጻጽረው የጥሪውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ስለሆነ፣ ጸሐይ እና ፀሐይ ለእሱ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ድግግሞሹን አንድ ጊዜም አላየውም። ሁለተኛው የ15 እርምጃ ገደብ ነው። ይህ ገደብ የተቀመጠው በዕቅዱ ውስጥ ነበር። 15 እርምጃ ሲሞላ «አልተጠናቀቀም» የሚል መልስ ወደ ሞዴሉ ይመለሳል፤ ሞዴሉም አዲስ ዕቅድ ያወጣል፤ አዲሱ ዕቅድ ከዜሮ መቁጠር ይጀምራል። ቆጣሪው ወደ ዜሮ ሲመለስ የተጠራቀመው ታሪክ ግን ማደጉን አላቆመም። ሥራው በመጨረሻ የቆመው ታሪኩ ሞዴሉ በአንድ ጊዜ ሊቀበለው ከሚችለው መጠን ሲያልፍ ነው፤ ገደቡ አላስቆመውም።

አቅራቢውን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፦ «ገደቡ አለ፣ ይሠራልም።» ይሠራል፤ ችግሩ የሚቆጥረው ሌላ ነገር መሆኑ ነው። የሞዴሉ አገልግሎት ሰጪም ቢሆን ድርጅቱ የወጪ ማስጠንቀቂያ ስላስመዘገበ ጥበቃ ያለው ይመስል ነበር። ማስጠንቀቂያው ኢሜይል ይልካል እንጂ ጥሪውን አይዘጋም። ኢሜይሉ ሌሊት ደረሰ፣ ጠዋት ተነበበ።

ወጪው ለምን እንዲህ እንደሚሮጥ ማየት ተገቢ ነው። ሞዴሉ የሚያስታውሰው ነገር ስለሌለ በእያንዳንዱ እርምጃ ያለፈው ሁሉ እንደገና ይላክለታል። ሞዴሉ ጽሑፍን የሚቆጥረው ቶክን በሚባሉ ቁርጥራጮች ነው፤ መነሻው መመሪያ 2,000 ቶክን፣ እያንዳንዱ እርምጃ የሚጨምረው 1,500 ቶክን ነው ብንል፣ በ10 እርምጃ በድምሩ 87,500 ቶክን ይላካል። በ100 እርምጃ ግን 7,625,000 ይሆናል። እርምጃው አሥር እጥፍ ሲጨምር ሒሳቡ 87 እጥፍ ይጨምራል። በብዙ ሞዴሎች ዘንድ የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ቶክን ስለሚወስድ እኛ ወደዚያ የምንደርሰው ቀድመን ነው።

ማስተካከል የጀመርኩት ከመሣሪያው ነው። ፍለጋው ከመካሄዱ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ይመልሳል፣ ክፍተቶችንም ያጠፋል፤ ይህ በመዝገቡም በተፈላጊው ስምም ላይ ይደረጋል። መልሱንም ለወጥኩት፦ «ሁሉም የአጻጻፍ መልኮች ተፈልገዋል፤ በመዝገቡ የለም።» የቀድሞው መልስ በሩን ክፍት ይተው ነበር፤ ሞዴሉም በገባበት ይገባል። ብዙ መመሪያዎች «ካልተሳካ ሌላ መንገድ ሞክር» የሚል ትእዛዝ እንዲጨመር ይመክራሉ። እኔ አውጥቼዋለሁ፤ እንዲህ ላለ ሥራ ጎጂ ነው።

ቀጥሎ ቆጣሪዎቹን ከዕቅዱ አውጥቼ በሥራው ላይ አደረግኳቸው። አንድ የባንክ ገቢ አንድ ሥራ ነው፤ ዕቅዱ የፈለገውን ያህል ቢለዋወጥ ቆጣሪው አይታደስም።

```python
def stop_reason(job):
    if job.steps >= 12: return "steps"
    if job.tokens + job.next_call > 150_000: return "tokens"
    if job.no_news >= 3: return "no_progress"
    return None
```

ቶክኑ የሚቆጠረው ቀጣዩ ጥሪ ተጨምሮበት ነው፤ ከጥሪው በኋላ መቁጠር ገንዘቡ ከወጣ በኋላ መቁጠር ነው። ከሦስቱ ግን የምተማመነው በሦስተኛው ነው። የሚያነጻጽረው ውጤቱን ነው፤ ኤጀንቱ ምን እንደጠየቀ አያይም። ቀድሞ ካየው የተለየ ነገር ሳያገኝ ሦስት ጊዜ ከተከታተለ ያቆማል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ መሣሪያው በመልሱ ውስጥ የተፈለገውን ስም ወይም ሰዓቱን የሚደግም ከሆነ እያንዳንዱ መልስ አዲስ ይመስላል። የእኛው የሰዓት ማኅተምም ነበረው። ከማነጻጸር በፊት እነዚህ መወገድ አለባቸው።

በመመሪያው ውስጥ «ካላገኘህ አቁም» ብሎ መጻፍ ገደብ አይባልም፤ ገደብ የሚባለው ሞዴሉ ሊያልፈው በማይችለው ፕሮግራም ውስጥ ያለው ነው። ገደቡ ሲደርስ ደግሞ ሞዴሉን «እንግዲያው የመጨረሻ መልስህን ስጥ» ማለት ልማድ ሆኗል። በሒሳብ ሥራ ላይ ይህን ፈጽሞ አልፈቅድም፤ በእጁ ካለው ተነሥቶ የሚመስለውን ደንበኛ መርጦ ያቀርባል፣ የደከመ ዓይንም ያጸድቀዋል። በእኛ ዘንድ ሥራው «ያልተጠናቀቀ» ተብሎ ከነምክንያቱ እና ከነተሞከረው ወደ ሒሳብ ሹሟ ዝርዝር ይሄዳል።

ያቺን ገቢ እንደገና ሳስኬዳት ኤጀንቱ በጥቂት እርምጃ ቆመ። የሒሳብ ሹሟ ዝርዝሩን እንዳዩ «እሷማ የደንበኛችን ባለቤት ናት፤ ለእሱ ሱቅ ነው የከፈለችው» አሉ። በመዝገቡ ውስጥ ስሟ ኖሮ አያውቅም። አሁን በየደንበኛው ስም ሥር ገንዘብ የሚያስገቡለት ሰዎች የሚመዘገቡበት ቦታ አለ፤ የሚሞሉትም እሳቸው ናቸው።

12 የሚለውን ቁጥር ያገኘሁት በትክክል ያለቁ ሥራዎችን መዝገብ አንብቤ ነው፤ አብዛኞቹ ከስድስት እርምጃ አያልፉም። አንድ ደንበኛ የብዙ ወራት ዕዳውን በአንድ ገቢ ሲከፍል ግን 12 አይበቃም፣ ሥራውም ሳያልቅ ይቋረጣል። ለእነዚህ ገደቡን ከፍ አላደረግኩም፤ ገቢው ከአንድ ሽያጭ በላይ የሚሸፍን ከሆነ ክፍፍሉን በቀጥታ የሚያሰላ ተራ ፕሮግራም ጽፌ አራተኛ መሣሪያ አድርጌዋለሁ።