«እወድሻለሁ፣ ግን አልወድሽም»

ሰሞኑን አገር ቤት ያለች የአክስቴ ልጅ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «እወድሃለሁ በጣሊያንኛ ምን ይባላል? ቶሎ በይ፣ አንድ ቃል እኮ ነው!» ትላለች። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ድምፅዋ ነግሮኛል። አንድ ቃል ቢሆን ኖሮማ ጓደኛዬ ያን ሁሉ መከራ ባላየች ነበር።

ጓደኛዬ እዚህ ጣሊያን አሮጊት ትጠብቃለች፤ ከአንድ የዚህ አገር ሰው ጋርም ፍቅር ይዟት ነበር። አንድ ማታ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ይልክላታል፦ «ቲ ቮልዮ ቤኔ፣ ማ ኖን ቲ አሞ ፒዩ።» የመጀመሪያዋን ሐረግ በደንብ ታውቃታለች። የምትጠብቃቸው እማማ ሁሌ ማታ ብርድ ልብሱን ስታለብሳቸው የሚሏት እሷን ነው፤ እወድሻለሁ ማለት ነው። «ፒዩ» ደግሞ «በላይ፣ የበለጠ» መሆኑን ከገበያ ተምራለች። ገጣጥማ ስታነበው «እወድሻለሁ፣ ከዚህ በላይ ልወድሽ አልችልም» ሆነላት። ደስ ብሏት «አንኪዮ!» ብላ ከነልቡ ምልክት መለሰች፤ «እኔም!» ማለቷ ነው።

በማግስቱ ስልኳን ይዛ እየሳቀች መጣችና አንብቢልኝ አለችኝ። አንብቤ ዝም አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያኖች ለመውደድ ሁለት ግስ አላቸው። «ቲ አሞ» ለፍቅረኛና ለትዳር ጓደኛ ነው፤ ለእናቱ የሚላት ጤነኛ ሰው አላየሁም። «ቲ ቮልዮ ቤኔ» ቃል በቃል «ደህናሽን እፈልጋለሁ» ነው፤ ለእናት፣ ለልጅ፣ ለጓደኛ፣ ለምትጠብቅሽ ልጅ ይባላል። ወጣቶቹ በስልክ TVB ብለው አሳጥረው ይጽፉታል። «ኖን» እና «ፒዩ» አንድ ላይ ሲመጡ ደግሞ «ከእንግዲህ የለም» ማለት ነው እንጂ የመብለጥ ትርጉም የለውም። እንግዲህ ሰውየው ያላት፣ ቃል በቃል ወደኛ ሲመጣ፣ «እወድሻለሁ፣ ግን ከእንግዲህ አልወድሽም» ነው። እብድ የጻፈው ይመስላል። በነሱ ቋንቋ ግን ጥርት ያለ ስንብት ነው።

እኛም እኮ ሁለት አለን፣ መውደድና ማፍቀር። ችግሩ ድንበራችን ከነሱ ድንበር አይገጥምም። የኛ «እወዳለሁ» ሆዱ ሰፊ ነው፤ እናትንም፣ ባልንም፣ አዲስ ጫማንም ይይዛል። ባል ሚስቱን «እወድሻለሁ» ቢላት ማን ቅር ይላታል? እንዲያውም «አፈቅርሻለሁ» ቢላት ግጥም ሊያነብ ነው ብላ ትስቅበታለች። ጣሊያኑ ግን ትናንት «ቲ አሞ» ሲል ቆይቶ ዛሬ «ቲ ቮልዮ ቤኔ፣ ማ...» ካለ፣ «ግን» ከምትለዋ ከዚያች «ማ» በኋላ የሚመጣውን ሳትሰሚ ዕቃሽን ሸክፊ። «ማ» ከሌለች አትደንግጪ፤ አብረው ያረጁ ባልና ሚስትም ይባባሉባታል።

«ፍቅር» የሚለው ስም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። «አሞሬ» ብለው ልጃቸውንም፣ የሚጠብቃቸውንም ሰው ይጠራሉ። እኛ «የእናት ፍቅር» እንላለን፤ «ፍቅሬ» ብሎ የሚጠራሽ ሰው ግን ሌላ ጉዳይ አለው። እማማ ጓደኛዬን መጀመሪያ ቀን «አሞሬ» ሲሏት ክፍሏን ቆልፋ ማደሯን ራሷ ነው የነገረችኝ።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችንም ገጥሟቸዋል። ዮሐንስ ምዕራፍ 21 ላይ ጌታ ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ ይጠይቀዋል። ግሪኩ ሁለት የተለያዩ ግሶች ይጠቀማል፣ አማርኛው ግን ሁሉንም «ትወደኛለህን?»፣ «እንድወድህ አንተ ታውቃለህ» ብሎ ያልፈዋል። በ2008 የወጣው የጣሊያን ጳጳሳት ትርጉም ላይ ጌታ በ«አሞ» ግስ «ሚ አሚ?» ይላል፣ ጴጥሮስ «ቲ ቮልዮ ቤኔ» ይላል። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ጌታ ራሱ ወደ ጴጥሮስ ግስ ወርዶ «ሚ ቮይ ቤኔ?» ይለዋል። አማርኛውን ስናነብ ያደግን ሰዎች ይህችን ልዩነት የምናያት እዚህ መጥተን ነው።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ዝም ስል ፊቷ ተለወጠ። «ተርጉሚው እንጂ!» አለች። «ይወድሻል ግን» ብዬ ብጀምር መጨረሻውን አትሰማኝም፤ «አይወድሽም» ብል ደግሞ ሰውየው ያላለውን ጥላቻ መጨመር ይሆናል። ከኛው ሰፈር አነጋገር ፈልጌ «ክፉሽን አልሻም፤ ፍቅሬ ግን አልቋል፤ ነው የሚለው» አልኳት። ገባት። ያስለቀሳት ግን ስንብቱ አይደለም፣ «አንኪዮ» ያለችው ነው። ስንብቱን በልብ ምልክት አጽድቃለት አደረች! እሱ ደግሞ እሷም ፍቅሯ አልቋል ብሎ ተገላግሎ ተኝቷል።

ለመምጣት የምታስቡ፣ በተለይ በስልክ ፍቅር የጀመራችሁ፣ «ምን ይባላል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ለማን ይባላል?» በሉ። አረጋዊ ለመጠበቅ የምትመጡ «ቲ ቮልዮ ቤኔ»ን ይዛችሁ ኑ፤ አንቱ ለምትሉት ሰው «ሌ ቮልዮ ቤኔ» ይሆናል። «ቲ አሞ»ን ለእማማ ካላችኋቸው ይስቁባችኋል፤ ለአባባ ካላችኋቸው ግን ልጆቻቸው ይጠሯችኋል።

የአክስቴ ልጅ እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም። መጀመሪያ ሰውየው የቱን እንደጻፈላት ፎቶ አንስታ ትላክልኝ።