አንድ እግረኛ፣ አራት ምልክት

የመጀመሪያውን የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና የጣለኝ አንድ እግረኛ ነው ብል ይቀለኛል። መንገድ ላይ የገጨሁት ሳይሆን ምልክት ላይ የተሳለ። ምልክቱ ክብ ነው፤ ጠርዙ ቀይ፣ መደቡ ነጭ፣ መሃሉ ላይ የሚራመድ ጥቁር ሰው አለ። "እግረኛ አለ፣ ተጠንቀቅ" የሚለውን መረጥኩ። መልሱ "ለእግረኛ የተከለከለ" ነበር።

ጥፋቱ የአጠናኔ ነው። መጽሐፉ ላይ ያሉትን ምልክቶች አንድ በአንድ በሥዕላቸው ሸምድጃለሁ። ላም ካየሁ እንስሳት፣ ሰው ካየሁ እግረኛ። አሰልጣኜ ሲሰማ ሳቀ። "ስሚ የኔ ልጅ፣ ሥዕሉ የሚነግርሽ ስለምን እንደሆነ ነው። አስጠንቅቆሽ ይሁን አዝዞሽ የሚነግርሽ ቅርጹ ነው። ሥዕሉን መጨረሻ ላይ እይው" አለኝ።

ቤት ገብቼ ከካርቶን አራት ባዶ ቅርጽ ቆረጥኩ፤ ጠርዝና መደባቸውንም ቀባሁ። እግረኛውን በትንሽ ወረቀት ላይ ሳልኩና ከአንዱ ወደ አንዱ እያዘዋወርኩ ለጠፍኩት።

ጫፉ ወደ ላይ የሆነ፣ ቀይ ጠርዝ ያለው ሦስት ማዕዘን ላይ ሲሆን የሚያስጠነቅቅ ነው። ወደፊት የእግረኛ ማቋረጫ አለ፣ ተዘጋጂ ማለቱ ነው። ቀይ ጠርዝ ያለው ክብ ላይ ሲሆን የሚቆጣጠር ሆነ፤ እግረኛ እዚህ እንዳይገባ ከለከለ። ሙሉ ሰማያዊ ክብ ላይ ሲሆንም ይቆጣጠራል፤ እዚህ ግን የሚያስገድድ ነው፣ መንገዱን ለእግረኛ ብቻ ይሰጣል። ሰማያዊ አራት ማዕዘን ላይ ሲሆን ደግሞ መረጃ ሰጪ ነው፤ ማቋረጫው እዚሁ ነው ይላል።

ይህ የመጨረሻው ሁለት ቀን ሙሉ አደናግሮኛል። በሰማያዊው አራት ማዕዘን ውስጥ ነጭ ሦስት ማዕዘን አለ፤ እግረኛው የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። ሦስት ማዕዘኑን ሳይ "ማስጠንቀቂያ" እላለሁ። የሚቆጠረው ግን የውጭው ጠርዝ ነው፤ በጣቴ ዙሪያውን እየተከተልኩ ነው የለመድኩት።

ክቦቹ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሰያፍ መስመር ያለው ክልከላ ሁሉ አይደለም። ወደ ግራ መታጠፍን የሚከለክለው ላይ መስመሩ አለ፤ ብስክሌትን ወይም እግረኛን የሚከለክለው ላይ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ቀይ ጠርዙ ብቻውን ይከለክላል። እኔን የጣለኝም ይኼው ነው፤ ያልተሰረዘ ሥዕል የተፈቀደ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ፣ ሰማያዊ ሁሉ መረጃ አይደለም። ወደ ላይ የሚያመለክት ነጭ ቀስት ሰማያዊ ክብ ላይ ካለ ትእዛዝ ነው፤ ቀጥታ ብቻ ትነዳላችሁ። ያው ቀስት ሰማያዊ አራት ማዕዘን ላይ ካለ መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ መሆኑን ይነግራችኋል።

አደባባይም እንደዚሁ ነው። ሦስት ተከታታይ ቀስቶች ሦስት ማዕዘን ውስጥ ከሆኑ አደባባዩ ገና ከፊታችሁ ነው። ሰማያዊ ክብ ውስጥ ከሆኑ ደርሳችኋል፤ ቀስቶቹ በሚያሳዩት አቅጣጫ ትዞራላችሁ።

ከዚህ ደንብ ያፈነገጡ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ ሁለቱም ከሚቆጣጠሩት ወገን ናቸው። ጫፉ ወደ ታች የተዘቀዘቀው ሦስት ማዕዘን "ቅድሚያ ስጥ" ነው። ስምንት ማዕዘኑ ቀይ ደግሞ "ቁም" ነው። ለምን ክብ አልሆኑም ብዬ ጠየቅኩ። አሰልጣኜ በቃል አልመለሰልኝም። መኪናውን አዙሮ ከአንድ የ"ቁም" ምልክት ጀርባ አቆመው። "ምንድን ነው ይሄ?" አለኝ። ጀርባው ግራጫ ቆርቆሮ ነው፣ ጽሑፍ የለውም፣ ቀለምም የለውም። ስምንቱን ጥግ ግን ቆጠርኩ። ለካ ከተሻጋሪው መንገድ የሚመጣው ሰው መቆም እንዳለበት ከጀርባው እንኳ ይታወቃል። ጭቃ ቢሸፍነው፣ ፀሐይ ቀለሙን ቢያነጣውም እንደዚያው።

በነገራችን ላይ ይህን ይዛችሁ አሜሪካ ብትሄዱ ትቸገራላችሁ። ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ የፍጥነት ወሰን ምልክት ፎቶ ላከችልኝ፤ ቁመቱ ረዘም ያለ ነጭ አራት ማዕዘን ላይ 25 ተጽፏል። ያውም በማይል። በእኛ ዓይን መረጃ ይመስላል፤ እዚያ ግን የሚቆጣጠር ነው። ማስጠንቀቂያቸውም በአብዛኛው በአንድ ጥጉ የቆመ ቢጫ አራት ማዕዘን ነው። ስምንት ማዕዘኑ ግን እዚያም "ቁም" ነው።

በሁለተኛው ፈተና ያው እግረኛ መጣልኝ፤ በዚህኛው ዙር ሰማያዊ ክብ ላይ ቆሞ። ጣቴን በስክሪኑ ላይ በዙሪያው አዞርኩና "ለእግረኛ ብቻ" የሚለውን መረጥኩ።